ለኦቨርታይም፣ ለጡረታና ለሥራ ግብር፦ ኤክሴል፣ ፒችትሪ ወይስ ኦዱ?

ቋሚ፣ የኮንትራትና የቀን ሠራተኛ በአንድ ፔሮል የሚከፍል የኮምቦልቻ ፋብሪካ ፕሮግራም ሲመርጥ መጀመሪያ ማየት ያለበት የተቀናሾቹን መነሻ ነው። ጡረታ የሚሰላው ከመሠረታዊ ደመወዝ ብቻ ነው፤ የሥራ ግብር ግን ኦቨርታይሙ ተደምሮበት፣ ጡረታው ሳይቀነስ ይሰላል።

ሻጩ ፊት ይህን ሠራተኛ አስገብታችሁ ሞክሩ። ደመወዙ 6,240 ብር ነው፤ ለወሩ 208 የሥራ ሰዓት ሲካፈል የአንድ ሰዓቱ 30 ብር ይሆናል። ማታ፣ ከ4 ሰዓት በፊት፣ ለ10 ሰዓት በ1.5 እጥፍ ክፍያ ሠራ፤ በሳምንት ዕረፍቱ ደግሞ ለ8 ሰዓት በ2 እጥፍ። ኦቨርታይሙ 930፣ ጠቅላላው 7,170 ብር ነው። በ2017ቱ የተሻሻለ አዋጅ ግብሩ 942.50፣ የሠራተኛው 7 በመቶ ጡረታ 436.80፣ የተጣራው 5,790.70 ይወጣል። ጡረታው 501.90 ካለ ኦቨርታይሙን ደምሮበታል፤ ግብሩ 846.64 ካለ ደግሞ ጡረታውን አስቀድሞ ቀንሷል።

ኤክሴል ጥቂት ሠራተኛ ላለው የደሴ ሱቅ ይበቃል። ጠቅላላው G2 ላይ ካለ ግብሩ በአንድ መስመር ያልቃል፦

```
=ROUND(MAX(0,G2*15%-300,G2*20%-500,G2*25%-850,G2*30%-1350,G2*35%-2050),2)
```

ድክመቱ አንድ ሰው ቀመሩ ላይ ቁጥር ቢጽፍበት የሚያስጠነቅቅ አለመኖሩ ነው፤ ቀመር ያለባቸውን ሴሎች ቆልፉ።

ፒችትሪን ብዙ የሒሳብ ባለሙያ ስለሚያውቀው ሰው ማግኘት አይከብድም። ለእያንዳንዱ ተቀናሽ `Adjust` የሚለውን ከፍታችሁ መነሻውን ትመርጣላችሁ፤ ለጡረታው ደመወዝ ብቻ፣ ለግብሩ ሁለቱም ምልክት ይደረግባቸዋል። አብዛኛው ስህተት እዚህ ይፈጠራል። የወር ደመወዝተኛ ኦቨርታይም ግን በሰዓት ስለማይሰላ ውጭ ተሠርቶ በብር ይገባል፤ ይህ በየወሩ የሚደጋገም ሥራ ነው።

ኦዱ ለተቀላቀለ ውል ይሻላል፤ ለእያንዳንዱ የውል ዓይነት የራሱ የደመወዝ መዋቅር ይሠራለታል። ኦቨርታይሙ `ALW` በሚባለው የአበል ምድብ ውስጥ ይቀመጥ፤ የመሠረታዊ ደመወዝ ምድብ በሆነው `BASIC` ውስጥ ከገባ ጡረታው ያብጣል። የጡረታው ደንብ ይህ ነው፦

```
result = -categories['BASIC'] * 0.07
```

የግብሩ ደንብ ተራ ቁጥር ጠቅላላውን ከሚያሰላው ከ`GROSS` በኋላ ካልሆነ ግብሩ ዜሮ ይወጣል። ፔሮሉ የሚገኘው በሚከፈልበት እትም መሆኑንና አዋጅ ሲቀየር ደንቡን የሚያስተካክል ሰው እንደሚያስፈልግ ዋጋው ላይ ደምሩ።

ሦስቱንም የሚያስቸግረው በየ15 ቀኑ የሚከፈለው የቀን ሠራተኛ ነው። የግብሩ እርከን የወር ነው። ሁለት ጊዜ 3,000 ብር የተከፈለው ሰው ለየብቻ ከተሰላ 150 እና 150፣ በድምሩ 300 ብር ይቀነስበታል፤ ከ6,000 ብር የሚገባው ግን 700 ነው። የጎደለውን 400 ብር ግብር ሰብሳቢው የሚጠይቀው ቀጣሪውን ነው። ስለዚህ ሁለተኛው ክፍያ የመጀመሪያውን ደምሮ አስልቶ የተቀነሰውን እንዲያወራርድ ሻጩ በዓይናችሁ ያሳያችሁ፤ ማሳየት ካልቻለ ቀን ሠራተኞቹን በኤክሴል አስልታችሁ ድምሩን ብቻ አስገቡ።