ሊቫይስ፦ 1853 ወይስ 2019?

የጂንስ ሱሪ ሠሪው ሊቫይ ስትራውስ ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ የተመሠረተው በ1853 እ.ኤ.አ. ነው። የአክሲዮን ዋጋው ሰንጠረዥ ግን ከመጋቢት 2019 ይጀምራል፤ ያኔ በኒውዮርክ ገበያ አንዱ አክሲዮን በ17 ዶላር ለሕዝብ ቀረበ። የድርጅቱን ዕድሜ የሚፈልግ የመጀመሪያውን፣ የአክሲዮኑን ዋጋ ጉዞ የሚከታተል ሁለተኛውን ይያዝ።

ነገሩን የሚያወሳስበው 2019 የመጀመሪያው ሽያጭ አለመሆኑ ነው። በ1971 አንዴ ለሕዝብ ሸጦ ነበር፤ በ1985 የመሥራቹ ዘመዶች አክሲዮኑን መልሰው ገዝተው ከገበያ አወጡት። ስለዚህ ሰንጠረዡ የቀድሞዎቹን 14 የገበያ ዓመታት አያሳይም። በ2019ም ቢሆን ከተሸጠው አብዛኛው የነባር ባለአክሲዮኖች ድርሻ ስለነበር፣ የብዙው ገንዘብ መድረሻ የድርጅቱ ካዝና ሳይሆን የእነሱ ኪስ ነው። ይህን የሚናገረው ለሽያጩ የወጣው ሰነድ እንጂ ቀኑ አይደለም።