አሮጌው i7 ወይስ አዲሱ i5? የላፕቶፕ ፕሮሰሰርን ስም አንብቦ መምረጥ

ያገለገለ ላፕቶፕ ሊገዙ የተነሡ ወዳጆቼ የሚጠይቁኝ ጥያቄ ከሞላ ጎደል አንድ ነው፦ «አንዱ i7 ነው፤ ሌላው i5 ነው። i7 የሆነው ወደድ ይላል፤ ትንሽ ጨምሬ እሱን ልውሰድ?» እኔም መልሼ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ «ከሰረዙ በኋላ ምን ይላል?» አብዛኞቹ አላዩትም። ሻጩም አይነግራቸውም፤ ዋጋ የሚያስጨምረው ከሰረዙ በፊት ያለው ጽሑፍ ነውና።

በተደጋጋሚ ጎን ለጎን የሚቀርቡትን ሁለት የኢንቴል ፕሮሰሰሮች እንውሰድ፦ i7-7500U እና i5-8250U። ሳልሸፋፍን ልናገር፤ ዋጋቸው እኩል ቢሆን እንኳ i5-8250Uን እመርጣለሁ፤ ረከስ ካለ ደግሞ ማሰብም አያስፈልግም።

አነባበቡ ቀላል ነው። ከሰረዙ በኋላ አራት አሃዞች ካሉ የመጀመሪያው ትውልዱን፣ ሻጮች ጀነሬሽን የሚሉትን፣ ያሳያል። ስለዚህ 7500 ሰባተኛ፣ 8250 ደግሞ ስምንተኛ ትውልድ ነው። የቀሩት ሦስት አሃዞች በዚያው ትውልድ ውስጥ ያለውን ደረጃ ብቻ የሚያመለክቱ ስለሆኑ የሁለት ትውልዶችን 500 እና 250 ማወዳደር ከንቱ ነው። መጨረሻ ላይ ያለው ፊደል የኃይል መደቡን ይነግረናል፤ U ማለት ኃይል ቆጣቢ ማለት ሲሆን የሁለቱም መነሻ 15 ዋት ነው።

ልዩነቱ ያለው ውስጣቸው ነው። ኮር ማለት በፕሮሰሰሩ ውስጥ ለብቻው ሥራ የሚሠራ ክፍል ነው፤ i7-7500U ያለው 2 ኮር ነው። በሰባተኛው ትውልድ የ15 ዋት i5 እና i7 ሁለቱም ባለ 2 ኮር ነበሩ፤ i7 የሚለው ስም የሚያስገኘው በፍጥነትና ካሽ በሚባለው የፕሮሰሰሩ የውስጥ ማህደረ ትውስታ ጥቂት ብልጫ ብቻ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2017 ስምንተኛው ትውልድ ሲመጣ ግን በዚያው 15 ዋት ላይ i5ም ባለ 4 ኮር ሆነ። ስለዚህ ለአሮጌው i7 ጨምሮ የሚከፍል ሰው የኮሮቹን ግማሽ ብቻ ለመውሰድ ይከፍላል ማለት ነው።

ይህን ልዩነት ሱቅ ውስጥ ቆሞ በመሞከር ማወቅ ያስቸግራል። የአንዱ ኮር ከፍተኛ ፍጥነት በ7500U 3.5፣ በ8250U 3.4 ጊጋኸርዝ ነው። አንድ ሰነድ ከፍተው ቢዘጉ ሁለቱም እኩል ይመስላሉ፤ አሮጌው እንዲያውም ቀልጠፍ ሊል ይችላል። ልዩነቱ የሚወጣው የቪዲዮ ስብሰባ ላይ ሆነው ብዙ ገጾች ሲከፍቱና ከኋላ ዊንዶውስ ራሱን ማዘመን ሲጀምር ነው። ያን ጊዜ ባለ 2 ኮሩ 100 በመቶ ላይ ተሰቅሎ ይቀራል።

ሌላም ገንዘብ ነክ ጉዳይ አለ። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 11 ባወጣው የሚደገፉ ፕሮሰሰሮች ዝርዝር ውስጥ 8250U አለ፤ 7500U የለም። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ደግሞ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አብቅቷል። በሁለቱ መካከል ያለውን የዋጋ ልዩነት ለራም ወይም ለኤስኤስዲ ቢያውሉት ይሻላል። ራምና ኤስኤስዲ በአብዛኞቹ ላፕቶፖች ላይ ኋላም ይቀየራሉ፤ ፕሮሰሰሩ ግን አይቀየርም። ከአምስተኛው ትውልድ ወዲህ ያሉት የኢንቴል ላፕቶፕ ፕሮሰሰሮች ማዘርቦርዱ ላይ የተበየዱ ናቸው።

ፊደሉን መናቅ የሚያስከትለውን ኪሳራም አይቻለሁ። በሰባተኛው ትውልድ i7-7Y75 የሚባል አለ። Y መሃል ገብታ ስለተደበቀች ገዢ አያያትም፤ ትርጉሟ ግን 4.5 ዋት ነው፤ ማራገቢያ ለሌላቸው ስስ ላፕቶፖች የተሠራ ነው። በተቃራኒው በዚያው ትውልድ ያለው i5-7300HQ ለከባድ ሥራ ከተሠራው ከH መደብ ነው፤ መነሻው 45 ዋት ሲሆን 4 ኮር አለው፤ በከባድ ሥራ i7-7500Uን ጥሎት ይሄዳል። በአሥራ ሁለተኛው ትውልድ ደግሞ በU እና በH መካከል ባለ 28 ዋቱ P ገብቷል።

እንዲህ ስል ሁሉም ሰው H ይግዛ ማለቴ አይደለም። ቪዲዮ ለማያቀናብርና ከባድ ጨዋታ ለማይጫወት ሰው ያገለገለ H ጣጣ ነው። ቻርጀሩ ትልቅና ውድ ነው፤ ባትሪው ቶሎ ያልቃል። ማራገቢያው በአቧራ ከታፈነና በፕሮሰሰሩ ላይ ያለው የሙቀት ማስተላለፊያ ቅባት ከደረቀ ደግሞ ፕሮሰሰሩ ራሱን ከሙቀት ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል። ያኔ የከፈሉበት 45 ዋት ወረቀት ላይ ብቻ ይቀራል።

ከአሥረኛው ትውልድ ወዲህ ሁለት አሃዝ ማንበብ ያስፈልጋል። i7-10510U አሥረኛ መሆኑ ግልጽ ነው፤ ሰውን የሚያሳስተው i5-1135G7 ነው። አራት አሃዝ ስላለው አንደኛ ትውልድ ነው ብለው የሚያጣጥሉት አሉ፤ እውነቱ ግን አሥራ አንደኛ ነው፤ G7 የሚለው የግራፊክስ ደረጃውን ያሳያል። የእውነተኞቹ አንደኛ ትውልድ ላፕቶፖች ቁጥር እንደ i5-520M ባለ ሦስት አሃዝ ስለነበር ከዚህ ጋር አይምታታም። ሻጩ ራሱ ተሳስቶ 1135G7ን ካረከሰው ዝም ብለው ይግዙ።

በኤኤምዲ በኩል ወጥመዱ ሌላ ነው። Ryzen 5 7520U ከRyzen 5 5600U የላቀ ይመስላል። በ7000ዎቹ ግን የመጀመሪያው 7 የሚናገረው የ2023 ስብስብ መሆኑን ብቻ ነው፤ የፕሮሰሰሩን ንድፍ የሚያሳየው ሦስተኛው አሃዝ ነው። እሱ እዚህ 2 ስለሆነ ንድፉ እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣው ዜን 2 ነው፤ ኮሮቹም 4 ናቸው። 5600U ባለ 6 ኮር ሲሆን ንድፉ ዜን 3 ነው። በተጨማሪም 7520U የሚቀበለው የተበየደ ራም ብቻ ስለሆነ 8 ጊጋባይት ይዞ ከመጣ በዚያው ይኖራል። በአንድ ዋጋ ከቀረቡልኝ ያለ ጥርጥር 5600Uን እወስዳለሁ።

ተለጣፊውን ደግሞ አይመኑ። አንድ የማውቀው ሰው የገዛው ላፕቶፕ የመዳፍ ማሳረፊያው በአጠቃቀም ብዛት አብለጭልጮ ጠርዙም ተልጦ ሳለ፣ i7 የሚለው ተለጣፊ ግን ገና ከወረቀቱ የተነሣ ይመስል ነበር። ውስጡ i3 ነበር። ጠጋኙ ፕሮሰሰሩ ለብቻው እንደማይቀየር ነገረው፤ ማዘርቦርዱን በሙሉ መቀየር ደግሞ ላፕቶፑን ራሱን ለመግዛት ምንም ያህል አይቀረውም ነበር።

ስለዚህ ገንዘብ ሳይቆጥሩ ላፕቶፑን ያስነሡትና ፓወርሼል በሚባለው የዊንዶውስ የትእዛዝ መጻፊያ ይህን ይጻፉ፦

```
Get-CimInstance Win32_Processor | Select-Object Name, NumberOfCores, NumberOfLogicalProcessors
```

ለ8250U በNumberOfCores ሥር 4፣ በNumberOfLogicalProcessors ሥር 8 መምጣት አለበት፤ 7500U ከሆነ 2 እና 4 ይመጣል። ስሙና የኮሩ ብዛት ካልተጣጣሙ ነገር አለ፤ ዊንዶውስ የሚያሳየውን ስም ላፕቶፑ በተነሣ ቁጥር የሚቀይር ትንሽ ፕሮግራም መጫን ይቻላልና። ያኔ አጥፍተው እንደገና ያስነሡትና ከዊንዶውስ በፊት የሚነሣው የላፕቶፑ ማስተካከያ በሆነው ባዮስ ውስጥ ገብተው ስሙን ከዚያ ያንብቡ፤ ዊንዶውስ ላይ የተጫነ ማታለያ እዚያ አይደርስም። ሻጩ ባዮሱ በይለፍ ቃል ተቆልፏል ካለዎት ቃሉን እስኪያመጣ ድረስ ገንዘብዎን አያውጡ፤ ከተገዛ በኋላ ያን ቁልፍ ማስከፈት ራሱን የቻለ የጥገና ወጪ ነው።