የምርት የሕይወት ዑደት ደረጃዎች በንጽጽር፦ ለተፈታኝም ለገዢም

በማርኬቲንግ ፈተናዎች ላይ ስለ ምርት የሕይወት ዑደት የሚቀርቡ ጥያቄዎች አብዛኛውን ጊዜ የደረጃዎቹን ስም ዘርዝሩ አይሉም። አንድ ኩባንያ ምን እንዳደረገ ይገልጹና ድርጊቱ በመግቢያ፣ በዕድገት፣ በብስለት ወይስ በማሽቆልቆል ደረጃ የሚጠበቅ እንደሆነ ያስመርጣሉ። ገዢም ሱቅ ውስጥ የሚያየው እነዚህኑ ድርጊቶች ነው፤ ዋጋው ተሰቅሏል ወይም ወርዷል፣ ዕቃው በየቦታው ይሸጣል ወይም በጥቂት መደብሮች ብቻ ይገኛል። ስለዚህ ከድርጊቱ ተነሥቶ ደረጃውን መለየት የሚችል ሰው ለጥያቄው ትክክለኛውን መልስ ይመርጣል፤ ገንዘቡን መቼ ማውጣት እንደሚሻለውም ያውቃል። ተፈታኞችን የሚያሳስቱት በመልክ የሚመሳሰሉት ደረጃዎች ስለሆኑ፣ እዚህ ጥንድ ጥንድ አድርጌ አነጻጽራቸዋለሁ። ለምሳሌነት የመረጥሁት የአፕል ኩባንያን የሙዚቃ ማጫወቻ አይፖድን ነው፤ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2001 ወጥቶ በግንቦት 2022 ምርቱ እንደተቋረጠ ስለተገለጸ ዑደቱን ከዳር እስከ ዳር ማየት ይቻላል።

የመጀመሪያው ጥንድ መግቢያና ማሽቆልቆል ነው። በሁለቱም ሽያጩ አነስተኛ ነው፣ ሥርጭቱም በተመረጡ ሱቆች የተወሰነ ነው። ልዩነቱ ያለው በምክንያቱ ላይ ነው። በመግቢያ ደረጃ ሥርጭቱ የሚጠብበው ነጋዴውም ሸማቹም ምርቱን ገና ስላላወቁት ሲሆን፣ በማሽቆልቆል ደረጃ ግን ኩባንያው ትርፍ የማያመጡለትን መሸጫዎች እየተወ ስለሚሄድ ነው። የማስታወቂያ ወጪውም በተቃራኒ አቅጣጫ ይጓዛል፤ በመግቢያ ላይ ምርቱን ለማሳወቅና ለማስሞከር ከሽያጩ አንጻር ከፍተኛ ገንዘብ ይወጣል፣ በማሽቆልቆል ላይ ደግሞ ታማኝ ደንበኞችን ለማቆየት እስከሚበቃው ድረስ ይቀነሳል።

አይፖድ ሲወጣ ዋጋው 399 ዶላር ነበር፤ የሚሠራውም ከአፕል የራሱ ኮምፒውተር ከማኪንቶሽ ጋር ብቻ ነበር። ማስታወቂያው አንድ ሺህ ዘፈን ኪስ ውስጥ ይገባል የሚል ነበር። ይህ አባባል ከማንም ተፎካካሪ ጋር አያወዳድርም፣ ዕቃው ምን እንደሚሠራ ብቻ ያስረዳል፤ ፈተናው «አሳዋቂ ማስታወቂያ» ሲል በመግቢያ ደረጃ የሚጠብቀው ይህን ዓይነቱን ነው። በሌላው ጫፍ አይፖድ ክላሲክ በ2014፣ ናኖና ሻፍል የተባሉት ሞዴሎች በ2017 ከሽያጭ ወጡ። የመጨረሻው አይፖድ ተች በ2019 ከታደሰ በኋላ ሌላ ማሻሻያ ሳይደረግለት እስከ 2022 ድረስ በ199 ዶላር ተሸጠ። ለምርቱ የሚወጣውን ወጪ ቀንሶ የቀረውን ሽያጭ መሰብሰብ ፈተናው «ማጨድ» የሚለው ስልት ሲሆን፣ ከማቆየትና ከማቋረጥ ጋር የማሽቆልቆል ደረጃ ሦስተኛ አማራጭ ነው።

ሁለተኛው ጥንድ ዕድገትና ብስለት ነው፤ ብዙ ነጥብ የሚጠፋውም እዚህ ላይ ይመስለኛል። በሁለቱም ደረጃዎች ኩባንያው ሞዴል ይጨምራል፣ ጥራት ያሻሽላል፣ ሥርጭቱን ያሰፋል፣ ዋጋ ይቀንሳል። ስለዚህ «አዲስ ሞዴል ጨመረ» የሚለው ሐረግ ብቻውን ምንም አይለይም። መጠየቅ ያለበት አዲሱ ገዢ ከየት እንደሚመጣ ነው። በዕድገት ደረጃ የሚመጡት ከዚህ በፊት እንዲህ ያለ ዕቃ ያልነበራቸው ሰዎች ናቸው፤ ገበያው ራሱ እየሰፋ ስለሆነ ዓላማው የገበያ ድርሻን ማሳደግ ነው። በብስለት ደረጃ ግን ሊገዙ የሚችሉት አብዛኞቹ ገዝተዋል፤ አዲስ ሽያጭ የሚገኘው ከተፎካካሪ ደንበኛ በመንጠቅ ወይም የቀድሞው ገዢ አሮጌውን እንዲቀይር በማድረግ ስለሆነ፣ ዓላማው ድርሻን እየጠበቁ ትርፍን ማብዛት ይሆናል።

አይፖድ በ2002 ለዊንዶውስ ተጠቃሚዎች ቀረበ፤ በ2003 የአይቲዩንስ የሙዚቃ መደብር ተከፈተ፤ በ2004 መጀመሪያ በ249 ዶላር የሚሸጠው አይፖድ ሚኒ ተዋወቀ። እያንዳንዱ እርምጃ ከዚያ በፊት ውጭ ለቀረ ሰው በር የከፈተ ነበር። ሽያጩም በኩባንያው የ2004 በጀት ዓመት ከነበረበት 4.4 ሚሊዮን ማጫወቻ ገደማ በ2005 ወደ 22.5 ሚሊዮን ገደማ ደረሰ፤ ይህ የዕድገት ደረጃ ግልጽ ምልክት ነው። በ2008 ደግሞ ወደ 54.8 ሚሊዮን ደርሶ በ2009 54.1 ሚሊዮን አካባቢ ቆመ። በእነዚያ ዓመታት ናኖ በየመስከረሙ በቅርጹ ወይም በቀለሙ ተለውጦ ይወጣ ነበር፤ በ2009 የቪዲዮ ካሜራ ተጨመረለት፤ የአነስተኛው ሻፍል ዋጋም በ2008 ወደ 49 ዶላር ወረደ። ፈተናው በብስለት ደረጃ የሚጠብቃቸው ገበያን፣ ምርትንና እንደ ዋጋ፣ ሥርጭትና ማስታወቂያ ያሉ ክፍሎች ያሉትን የማርኬቲንግ ቅይጥ ማሻሻል የሚባሉት ሦስት ስልቶች ናቸው፤ የናኖ ለውጥ ሁለተኛው፣ የሻፍል ዋጋ ቅነሳ ሦስተኛው ነው።

በፈተና ሊመጣ የሚችል አንድ ጥያቄ እንመልከት። አንድ ኩባንያ ለምርቱ አዳዲስ ቀለሞችን ጨመረ፣ የተፎካካሪን ደንበኞች ለመሳብ የቅናሽ ኩፖን አሰራጨ፣ ሽያጩም ካለፈው ዓመት በጥቂቱ ከፍ አለ፤ በየትኛው ደረጃ ላይ ነው? «ጨመረ» እና «ከፍ አለ» የሚሉት ቃላት ወደ ዕድገት ይስባሉ፤ ነገር ግን ኩፖኑ የታለመው የሌላ ኩባንያ ደንበኛ ለመውሰድ ነው፣ የሽያጩ ጭማሪም ትንሽ ነው፤ ስለዚህ መልሱ ብስለት ነው። በኩፖኑ ፋንታ «ምርቱ ከዚህ በፊት ባልነበረባቸው ከተሞች መሸጥ ጀመረ»፣ በጥቂቱ ጭማሪ ፋንታ «ሽያጩ በእጥፍ አደገ» ቢል መልሱ ዕድገት ይሆን ነበር። ትርፍን የሚመለከት ጥያቄ ሲመጣም ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ ሽያጭ ጣሪያ የሚነካው በብስለት ሲሆን፣ የብዙ መማሪያ መጻሕፍት ሥዕላዊ መግለጫ ግን የትርፉን ጣሪያ ቀደም አድርጎ በዕድገት መጨረሻ አካባቢ ያሳየዋል።

ገዢ ከዚህ የሚወስደው ፍርድ በእኔ አስተያየት ይህ ነው። በመግቢያ የሚገዛ ሰው ከፍተኛውን ዋጋ ይከፍላል፣ የመጀመሪያውን ሥሪት ጉድለትም ይሸከማል፤ ይህ የሚያዋጣው ዕቃው ለሥራው አሁኑኑ ለሚያስፈልገው ብቻ ነው። በዕድገት የሚገዛ ሰው የተሻለ ዕቃ ያገኛል፤ ሆኖም ሞዴሉ ቶሎ ሊያረጅበት ይችላል። ለአብዛኛው ሰው የሚመረጠው የብስለት መጀመሪያ ነው፤ ተፎካካሪዎች ዋጋ ይቀንሳሉ፣ የምርቱ ጉድለቶች በብዛት ታርመዋል፣ መለዋወጫና ጠጋኝም በቀላሉ ይገኛል። በማሽቆልቆል ደረጃ ዋጋው የሚያጓጓ ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን ከመክፈል በፊት የሶፍትዌር ድጋፉና የመለዋወጫ አቅርቦቱ እስከ መቼ እንደሚቀጥል መጠየቅ ይገባል።

ደረጃን ከአንድ ዓመት አኃዝ መፍረድ ግን ያሳስታል። አይፖድ በ2009 ያሳየው ጥቂት ቅናሽ ብቻውን ማሽቆልቆል አያሰኝም ነበር፤ በ2010 ወደ 50.3 ሚሊዮን፣ በ2011 ወደ 42.6 ሚሊዮን ሲወርድ ነው አቅጣጫው የተረጋገጠው። ምክንያቱም ሰዎች ሙዚቃ መስማት ስለተዉ አልነበረም፤ በ2007 የወጣው አይፎንና ሌሎቹ ዘመናዊ ስልኮች ያንኑ አገልግሎት ስለሚሰጡ ነበር። ጥያቄው «የተጠናቀቀው ዑደት የምን ነው?» ብሎ ቢጠይቅ፣ መልሱ የፍላጎቱ ሳይሆን ለብቻው የሚያዝ የሙዚቃ ማጫወቻ የሚባለው የምርት ዓይነት ዑደት ነው።