43 ወይስ 65 ኢንች?

ከሁለቱ ወንድማማቾች ታናሽየው 65 ኢንች ቲቪ እንግዛ አለ። ታላቅየው 43ቱ ምን አጠፋ ባይ ነው። ታናሽየው ከሶፋው እስከ ቲቪው ለካ፤ 2 ሜትር ተኩል። "ከዚህ ሆኜ የኳሱን ውጤት ዓይኔን አጨንቁሬ ነው የማነበው" አለ። እውነቱን ነው፤ ለዚህ ርቀት 65 አይበዛም።

ታላቅየው ግን ወደ ጠረጴዛው ጠቆመ። ርዝመቱ 120 ሴንቲ ሜትር ነው። የ65 ኢንች ቲቪ ወርድ 145 ገደማ ይሆናል፤ የብዙዎቹ እግር ደግሞ ዳርና ዳር ነው። "የት ልታቆመው ነው?" ጥራት የሌለው ቻናል ሲሰፋ ብዥታውም አብሮ እንደሚሰፋ ጨመረበት።

እኔ ብሆን 55 እገዛለሁ። ወርዱ 123 አካባቢ ስለሆነ፣ እግሩ ትንሽ ወደ ውስጥ የገባ ከተገኘ ጠረጴዛው ይችለዋል። ወንድማማቾቹ ግን አሁንም እየተከራከሩ ነው።