ዘጠኝ ወር ከካሜራ ተርጓሚ ጋር፦ የጅዳ ታፔላዎችና የጎደሉ ነጥቦች

በካሜራ ጽሑፍ እያየ የሚተረጉም መተግበሪያ ስልኬ ላይ ከጫንኩ ዘጠኝ ወር ሆነኝ። ነፃ ነው። ስሙን አልጠራም፤ ሌሎች ሁለት መሰሎቹንም ሞክሬ ችግራቸው ያው ነው።

ጅዳ ውስጥ የቤት ሾፌር ነኝ። ማዳም "ከዚያ ሱቅ ይሄን አምጣ" ብላ ትልከኛለች። አረብኛ መናገሩን እየተኮላተፍኩም ቢሆን እወጣዋለሁ። ማንበብ ግን አልችልም። ትልልቆቹ ሱቆች እንግሊዝኛ ስለሚጨምሩ አያስቸግሩም። የሰፈር ውስጥ ሱቆች ግን ብዙዎቹ በአረብኛ ብቻ የተጻፉ ናቸው።

የመድኃኒት ማሸጊያ፣ የዱቄት ከረጢት፣ የመብራት ሂሳብ ላይ መተግበሪያው አይታማም። በመጽሐፍ ፊደል የታተመ ነገር ሁሉ ይገባዋል። ጉዱ የሚወጣው ታፔላ ላይ ነው። እዚያ ሠዓሊው እጁን ያፍታታል፣ ፊደሉ ይጠማዘዛል፣ ስልኬም ይዘባርቃል።

በሦስተኛው ወር ገደማ የኋላ ጎማዬ ተነፈሰ። ትርፍ ጎማውም እንደነገሩ ነበር። ያለሁበት መንገድ ዳር ጋራዥ የሚመስሉ ሱቆች ተደርድረዋል፤ ግን የሶላት ሰዓት ነበርና ሁሉም መዝጊያቸውን አውርደዋል። የሚታየው ታፔላ ብቻ ነው። የትኛው በር ላይ ቆሜ ልጠብቅ? ስልኬን አውጥቼ አንድ በአንድ አነሳሁ። አንዱ "የመኪና ዘይት" አለ። ቀጣዩ "ያትማል" አለ። ማተሚያ ቤት መሰለኝና አለፍኩት። ግማሽ ኪሎ ሜትር ያህል በእግሬ ሄድኩ፣ በዚያ ፀሐይ።

በመጨረሻ ፎቶዎቹን ለጋሼ ላክሁለት። ጋሼ የወሎ ሰው ነው፤ ልጅ ሆኖ ቁርአን ቤት ተምሯል፣ እዚህ ደግሞ ሃያ ዓመት ኖሯል። ወዲያው ደወለ።

"ምንድን ነው የምትፈልገው?"

"ጎማ የሚሠራ፣ ጋሼ።"

"ታዲያ ፎቶውን ያነሳኸው በሩ ላይ ቆመህ አይደል እንዴ!"

"ስልኩ ያትማል ነው የሚለው።"

"ምኑን ነው የሚያትመው? በንሸር ነው ልጄ፣ በንሸር!"

በንሸር የተነፈሰ ጎማ የሚጠገንበት ቤት ነው። ቃሉ ከእንግሊዝኛው "ፐንክቸር" የመጣ ነው፤ በባሕረ ሰላጤው አገሮች ሁሉ የታወቀ ነው። ማታ ጋሼ ወረቀት ላይ ጽፎ አሳየኝ። በአረብኛ ብዙ ፊደላት አካላቸው አንድ ነው፤ የሚለያቸው ነጥብ ነው። ቃል መጀመሪያ ላይ "ባ" ከሥሯ አንድ ነጥብ አላት። "ያ" ደግሞ ያው አካል ነው፣ ከሥሯ ሁለት ነጥብ። በንሸር በ"ባ" ይጀምራል። በ"ያ" ከጀመረ "የንሹር" ይሆናል፤ ትርጉሙም ያትማል፣ ያሳትማል ነው።

ሁለተኛዋ ነጥብ ከየት መጣች? ከብሩሹ። ሩቅዓ የሚባል የእጅ አጻጻፍ አለ፤ ፈጣን ነው፣ የሰፈር ታፔላ ጸሐፊዎች ይወዱታል። በሩቅዓ ሁለት ነጥብ ለየብቻ አይነጠብም፤ አጭር ሰረዝ ይሆናል። ሦስት ነጥብ ደግሞ ትንሽ የጎጆ ክዳን ይመስላል። የ"ሺን" ሦስት ጥርሶችም ይጠፉና ቀጥ ያለ መስመር ይሆናሉ። የዚያ ሱቅ ሠዓሊ አንዷን ነጥብ ሲጥል ብሩሹን ትንሽ ጎተት አድርጎታል። ነጥቧ ሰረዝ መሰለች፣ ስልኬም ሰረዟን ሁለት ብሎ ቆጠራት።

አረቡ ግን አይሳሳትም፤ መንገዱን ያውቃል፣ ጋራዦቹን አይቷል። መተግበሪያው የሚያውቀው ቃላትን ነው። ፊደሉ ሲያጠራጥረው በብዛት ወዳየው ቃል ያዘነብላል። "ያትማል" ጋዜጣ ላይ ሞልቷል፤ በንሸር ግን የመንገድ ዳር ቃል ነው። የሚያናድደኝ ደግሞ ሲሳሳት አለማመንታቱ ነው። አልቻልኩም ቢል ይሻለኝ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ትርጉሙን ብቻ አይቼ አላምንም። "የመጀመሪያውን ጽሑፍ አሳይ" የሚል ቁልፍ አለው፤ እሱን ተጭኜ ያነበበውን አረብኛ ከታፔላው ጋር አስተያያለሁ። ማንበብ ባልችልም ነጥብ መቁጠር እችላለሁ። ታፔላው ላይ ሦስት፣ ስልኩ ላይ አራት ከሆነ የሆነ ነገር ተበላሽቷል። ጋሼ ሌላም ነገረኝ፦ የሱቅ ታፔላ ግስ አይሆንም። "ያትማል"፣ "ሄደ"፣ "ይበላሉ" የሚል ትርጉም ከመጣ ተጠራጠር።

ሻይ ቤቶች ደግሞ የራሳቸው ዘዴ አላቸው። ሠፈራችን ያለው ሻይ ቤት "ሻይ" የሚለውን ሲጽፍ የ"ሺን"ን ሦስት ነጥቦች ትቶ ሦስት የእንፋሎት መስመር አስነሥቶበታል። ቆንጆ ነው። ስልኬ እንፋሎቱን ሥዕል ነው ብሎ ተወው። ያለ ነጥብ "ሺን" "ሲን" ናትና ቃሉ "ሳይ" ሆነ። ትርጉም የለውም፤ የሰው ስም መስሎት እንዳለ አስቀመጠው።

ምግብ ቤቶች የሚወዱት ሱሉስ የሚባለውን ትልቅ የጌጥ አጻጻፍ ነው። እሱ ላይ ጨርሶ ተስፋ ቆርጫለሁ። ፊደላቱ በአንድ መስመር አይሄዱም፤ አንዱ ሌላው ላይ ይወጣል፣ ክብ ውስጥ ይታጨቃሉ። ባዶ ቦታው እንዳይከፋ ደግሞ ትናንሽ ምልክቶች ይበተኑበታል። መተግበሪያው ከቀኝ ወደ ግራ በመስመር ለማንበብ ነው የሚሞክረው። ስለዚህ ቅደም ተከተሉ ይምታታበታል፣ ጌጡንም ነጥብ ያደርገዋል። ደግነቱ ከጌጡ ሥር ሁልጊዜ ባይሆንም የሥራው ዓይነት በትንሽ ተራ ፊደል ይጻፋል። ትልቁን ትቼ ትንሹን ብቻ ቆርጬ ሳስነብበው አብዛኛውን ጊዜ ይሳካል። ስሙንማ ባገኘውም አይጠቅመኝም፤ ሰዒድ የሚባል ሰው ምግብ ቤት "የደስተኛው ምግብ ቤት" ብሎ ይሰጠኛል።

ቆርጦ ማስነበቡም ጥንቃቄ ይፈልጋል። "መግሰላ" ማጠቢያ ቤት ነው። የልብስም፣ የመኪናም፣ መስጊድ አጠገብ ደግሞ የአስከሬንም አለ። የሚለየው ቀጥሎ ያለው ቃል ነው። አንድ ማታ ሁለተኛው ቃል በመብራት ተጽፎ ነበር፤ ካሜራው ላይ ጥቁር መስመር እያቋረጠው አልነበብ አለ። የማዳምን ብርድ ልብስ ተሸክሜ መኪና ማጠቢያ ገባሁ። ከዚህ የባሰ አለ ብዬ ተጽናናሁ።

አሁን ካሜራውን አስከፍቼ በቀጥታ አላነብም፤ ቃሉ በየሰከንዱ ይለዋወጣል። ፊት ለፊት ቆሜ ፎቶ አነሳለሁ፤ ማታ የመብራት ታፔላ ከሆነ አራት አምስቴ። ከዚያ አንዱን መስመር ቆርጬ አስነብባለሁ።

ባለፈው ሳምንት አንድ የመናዊ ሾፌር ጓደኛዬን ሐበሻ ቤት ወሰድኩት። ታፔላው ላይ "ቡና" ተጽፏል፤ "ቡ"ን በጀበና ሥዕል ነው የሠሯት። እሱ የኔን ጽሑፍ ማንበብ አይችልምና በተራው ስልኩን አወጣ። ያው መተግበሪያ ነው። ጀበናውን ዘለለና የቀረችውን "ና" ብቻ አንብቦ በአረብኛ "ተዓል" አለው።

"እየጠሩን ነው" አለኝና ቀድሞኝ ገባ።