ታፋ፣ ወርች፣ ፍሪምባ ወይስ ጎድን? በትንሽ ብር ለወጥ የሚገዛ የበሬ ሥጋ ንጽጽር

ልኳንዳ ቤት ገብቶ «ግማሽ ኪሎ ለወጥ» ብሎ መቆም ምርጫውን ለቆራጩ መስጠት ነው። ቆራጩ በዚያ ሰዓት የቀረውን ከዚህም ከዚያም ያነሳል፦ ትንሽ ቀይ፣ ትንሽ ስብ፣ አንድ ሁለት አጥንት። ይህ ማታለል አይደለም፤ ብልቱን ስላልጠራንለት ነው። ወር ለማድረስ ለሚጨነቅ ቤት ግን ብልቱን ጠርቶ መግዛት ከሰፈር ሰፈር ዋጋ ከማማረጥ የበለጠ ብር ያተርፋል።

እዚህ የምናወዳድረው ለወጥና ለቅቅል የሚገዙትን አራቱን ነው፦ ታፋ፣ ወርች፣ ፍሪምባና ጎድን። ሽንጥና ጭቅና ለጥብስ ጥሩ ናቸው፤ ለቀይ ወጥ ግን ትርፍ ብር የሚከፈልበት ምክንያት የለም። በርበሬና ቁሌት ውስጥ ሁለት ሰዓት ከቆየ በኋላ ሽንጥ መሆኑን የሚለይ ሰው አይገኝም።

መጀመሪያ አጥንቱን ከዋጋው ማውጣት

ሰሌዳው ላይ የተጻፈው የኪሎ ዋጋ ነው፤ የምንበላው ግን ኪሎውን ሙሉ አይደለም። ለስሌት እንዲመች ቀይ ሥጋ ኪሎው 1000 ብር፣ ጎድን ከነአጥንቱ 750 ብር ነው እንበል። የጎድን አጥንት እንደ አቆራረጡ ይለያያል፤ ከኪሎው ሲሶ ያህሉን መያዙ ግን የተለመደ ነው። 650 ግራም ሥጋ አገኘን ብንል፣ 750ን ለ0.65 ስናካፍል የሥጋው ኪሎ 1154 ብር ገደማ ይሆናል። ርካሽ የመሰለው ጎድን ከቀዩ ሥጋ በለጠ ማለት ነው። በዚህ ምሳሌ ጎድን የሚያዋጣው ዋጋው ከ650 ብር በታች ሲወርድ ብቻ ነው።

የራስዎን ልኳንዳ ልክ ለማወቅ አንድ ጊዜ ብቻ መመዘን ይበቃል። ከተበላ በኋላ አጥንቱን ሰብስበው ሰፈር ባለው ሱቅ ሚዛን ላይ ያስቀምጡት፤ ከአንድ ኪሎ 400 ግራም አጥንት ከወጣ፣ ዋጋውን ለ0.6 ማካፈል ነው።

ብዙ ልኳንዳ ቤቶች ደግሞ ለወጥ የሚሆነውን ሁሉ በአንድ ዋጋ ይሸጣሉ። የሸማቾች ማኅበራት ሥጋ ቤቶችም ዋጋቸው ብዙ ጊዜ ቀነስ ይላል፤ ብልት ለመምረጥ ግን ያን ያህል አይመቹም። ዋጋው አንድ በሆነበት ቦታ ጎድን መግዛት አጥንትን በሥጋ ዋጋ መግዛት ነው። እዚያ ወርች ይጠይቁ።

ወርችና ታፋ

ታፋ የኋላ እግር ሥጋ ነው፤ ቀይ፣ ስብ የማይበዛበት፣ አጥንት የሌለው። ለክትፎና ለጥብስ ስለሚፈለግ ዋጋው ከፍ ይላል። ወርች የፊት እግር ነው፤ ሥጋው ውስጥ ነጭ ጅማትና ቀጭን ሽፋን ይታያል። ገዢ የሚሸሸውም ለዚህ ነው።

ድስት ውስጥ ግን ነገሩ ይገለበጣል። የወርች ጅማት በእርጥብ ሙቀት ረጅም ሰዓት ሲቆይ ቀስ እያለ ይሟሟና መረቁን ያወፍረዋል፤ መረቁ ሲቀዘቅዝ የሚረጋው በእሱ ነው። ታፋ ግን የሚሟሟ ጅማት ብዙም ስለሌለው ውሃውን ብቻ እየለቀቀ ይሄዳል። ሁለት ሰዓት ከፈላ በኋላ በክር በክር ይበጣጠሳል፣ አፍ ውስጥ ግን ይደርቃል። «ሥጋው አልበሰለም» ተብሎ ውሃ እየተጨመረ የሚፈላው ብዙ ጊዜ አልፎበት የደረቀ ታፋ ነው። የሚለየው በሹካ ነው፦ ያልበሰለ ሥጋ ሹካውን ይዞ ይጎተታል፣ አልፎበት የደረቀው ደግሞ በቀላሉ ይሰነጠቃል ግን ውስጡ እርጥበት የለውም።

የወርች ችግር ጊዜ ነው፣ ጊዜ ደግሞ ከሰል ወይም መብራት ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2300 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው። ስለዚህ ጅማት ቆላ ካለ ድስት ይልቅ እዚህ ይዘገያል። ያረጀ የእርሻ በሬ ከሆነ ደግሞ ይብስበታል፤ ስቡ ደማቅ ቢጫ፣ ሥጋው ጠቆር ያለ ከሆነ ጠንካራ መሆኑን ይጠርጥሩ። ፕሬዠር ኩከር ያለው ቤት ከ40 እስከ 50 ደቂቃ ውስጥ ይጨርሰዋል። የሌለው ቤት ሁለት ሰዓት ተኩል ያስብ፤ ያኔ የሁለት ቀኑን አንድ ላይ ቀቅሎ ግማሹን ለነገ ማስቀመጥ ከሰሉን ይቀንሳል። ፍሪጅ ከሌለ ማታና ጠዋት በደንብ አፍልቶ በማግስቱ መጨረስ ነው።

ሌላም መውጫ አለ፤ ማገዶ ለሚቸገር ቤት ከሁሉም የሚሻለው ይኸኛው ይመስለናል፦ ወርቹን ማስፈጨት ወይም ቤት በደቃቁ መክተፍ። ሰዓታት የሚፈጀውን የጅማት ሥራ ቢላው ይሠራዋል፤ ምንቸት አብሽ ቁሌቱ ከደረሰ በኋላ ከ30 እስከ 40 ደቂቃ ይበቃዋል። ለአምስት ሰው በጉርድ ሥጋ ወጥ ግማሽ ኪሎ እንኳ የሚያንስ ሲመስል፣ በምንቸት አብሽ ሩብ ኪሎ ከሽንኩርቱ ጋር ሁሉም ጉርሻ ላይ ይዳረሳል። ግን ተፈጭቶ የተቀመጠውን አይግዙ። ምን ያህል ስብ እንደገባበት አይታይም፣ የተፈጨ ሥጋም ቶሎ ይበላሻል። ብልቱን መርጠው ካስመዘኑ በኋላ ዓይንዎ እያየ ይፈጭ።

አንገትም እንደ ወርች ነው፤ ቀንሶ ከተሸጠ ያዋጣል። አንድ ነገር ብቻ ይጠንቀቁ፦ ከማጅራቱ በኩል የሚሄድ ወፍራም ቢጫ ጅማት አለ። ይህኛው እንደ ነጩ አይሟሟም፤ ቀኑን ሙሉ ቢፈላ ጎማ ሆኖ ይቀራል። ሳይመዘን ይውጣ።

ፍሪምባ

ፍሪምባ የደረት ሥጋ ነው። ስብ፣ ጅማትና አንዳንዴ ለስላሳ አጥንት አብሮት አለ። ለቅቅል የሚስተካከለው የለም፤ ችግሩ ስንት ስብ እንደገዙ ነው። ስቡ ከሥጋው ጋር በንብርብር ከሆነ መረቁ ላይ ቀልጦ ይወጣል። ጠልሎ ከቀዘቀዘ በኋላ ከላይ የረጋውን አንስቶ ለሚቀጥለው ወጥ ቁሌት መጠቀም ይቻላል፤ የዘይት ዋጋ ሲታሰብ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ሳይነሳ ከቀረ ግን ወጡ ሲቀዘቅዝ ነጭ ሆኖ ይረጋል፣ አፍም ላይ ይጣበቃል።

ከላይ የተጨመረ ልቅ ሞራ ሌላ ጉዳይ ነው። ቆራጩ እሱን ከሆድ ዕቃ በኩል አንስቶ ሚዛን ማሟያ ሲያደርገው፣ እርስዎ ሞራን በሥጋ ዋጋ ገዙ ማለት ነው። ለዚህ የሚረዳው ሥጋው በአንድ ሙዳ ተመዝኖ ከዚያ እንዲቆረጥ ማድረግ ነው፤ ተከትፎ የተመዘነ ውስጥ ምን እንዳለ አይለይም። «ወንድሜ፣ ከወርች፣ በአንዱ ሙዳ መዝንልኝ፣ ከዚያ ለወጥ ትቆርጥልኛለህ፤ አጥንቱን ለብቻው እገዛለሁ» ማለት ይበቃል። ደህና ቆራጭ አይከፋውም።

አራቱ ጎን ለጎን ይህን ይመስላሉ። ሰዓቱ በተራ ድስት ነው፤ እንደ በሬው ዕድሜ ይሰፋል።

| ብልት | ከ1 ኪሎ የሚበላው | የሚፈጀው ጊዜ | የሚሆነው |
|---|---|---|---|
| ታፋ | ሁሉም ማለት ይቻላል | 1 ሰዓት ተኩል ገደማ | ጥብስ፣ ክትፎ |
| ወርች ያለ አጥንት | ጥቂት ሽፋን ሲቀር ሁሉም | 2 ሰዓት ተኩል፤ ሲፈጭ 40 ደቂቃ | ወጥ፣ ምንቸት አብሽ |
| ፍሪምባ | ስቡ ከተጠቀሙበት አብዛኛው | እስከ 3 ሰዓት | ቅቅል፣ ወጥ |
| ጎድን ከነአጥንቱ | 600–700 ግራም | 2 ሰዓት ገደማ | ቅቅል፣ ጥብስ |

አንድ ሺህ ብር ለአምስት ሰው

በዚያው ምሳሌ እንቀጥል፤ ወርች ኪሎው 850፣ የመረቅ አጥንት 300 ብር ይሁን። በ1000 ብር አንድ ኪሎ ታፋ ቢገዛ ሁለት ድስት ወጥ ይወጣዋል። በዚሁ ብር ሦስት ሩብ ኪሎ ወርች 637 ብር ከ50፣ አንድ ኪሎ አጥንት 300 ብር፣ ድምሩ 937 ብር ከ50 ነው። አጥንቱ ለብቻው ሦስት ሰዓት ይፈላና ይጠለላል። ግማሽ ኪሎ ወርች በግማሹ መረቅ ቀይ ወጥ ይሆናል፣ ሩቡ ኪሎ ተፈጭቶ ምንቸት አብሽ፤ በቀረው መረቅ ደግሞ ሽሮ ይሠራበታል። ሦስት ድስት ወጣ ማለት ነው፣ ቀሪው ብርም ወደ ሽንኩርት ይሄዳል። አጥንት ሲገዙ ቅልጥምና መገጣጠሚያው ይመረጣል፤ የተላጨ ደረቅ የጎን አጥንት መረቁን ውሃ ያደርገዋል።

ጉበት ከእነዚህ ጋር ሲተያይ አጥንትም ጅማትም የለውም ማለት ይቻላል፣ በአሥር ደቂቃ ይደርሳል፣ ብረት ማዕድኑም ብዙ ነው። የሚገዛው ግን የዕለቱ ብቻ ነው። ሲቆረጥ የወፈሩና የጠነከሩ ነጭ ቱቦዎች ከታዩበት የጉበት ትል ምልክት ሊሆን ይችላል፤ ይተዉት። ነፍሰ ጡር ሴት ደግሞ ቫይታሚን ኤው ስለሚበዛ አታብዛው። ጨጓራ ርካሽ ቢሆንም ሲበስል በጣም ይኮማተራል፣ ለማጠብም ለማብሰልም ውሃና ማገዶ ይበላል፤ ውሃ በሚጠፋበት ሰፈር ርካሽነቱ ያጠራጥራል።

ቅርጫ የሚያወጣ ሰው ይህን ሁሉ ምርጫ ያጣል፤ መደቡ ላይ ከሁሉም ብልት ይደርሰዋል፣ ሆድ ዕቃውም ይከፋፈላል። የኪሎው ዋጋ ከልኳንዳ ማነስ አለማነሱ በበሬው ሥጋ መብዛት ላይ ያለ ነው፤ በበዓል ዋዜማ ውድ ተገዝቶ ከከሳ ሊበልጥም ይችላል። ቅርጫ ከወጣ በመጀመሪያው ቀን ጎድኑንና ፍሪምባውን ቀቅሎ መብላት፣ የታፋውን ቀይ በቀጭኑ ዘልዝሎ ለቋንጣ መስቀል ይሻላል። ስብ ያለበት ዝልዝል ሳይደርቅ ይሻግታል፤ ለቋንጣ የሚሆነው ያ ወጥ ውስጥ የሚደርቀው ታፋ ነው።