«የእጅ ዋጋ ነፃ» የሚል ወርቅ ቤት ስትገቡ ፈርጡን አስቀንሱ

ለጥሎሽ ወይም ለራሳችሁ ወርቅ ልትገዙ ፒያሳ የምትወጡ ሁሉ ይህን አንብባችሁ ውጡ። የሠርግ ሰሞን ሲደርስ አንዳንድ ወርቅ ቤቶች መስታወታቸው ላይ «የእጅ ዋጋ ነፃ» ብለው ይለጥፋሉ። የእጅ ዋጋ ማለት አንጥረኛው ወርቁን አቅልጦ፣ ስቦ፣ በይዶና አጥቦ ጌጥ ላደረገበት የሚከፈል ነው። ያንን ሥራ በነፃ የሚሠራ ሰው የለም፣ ሊኖርም አይገባም። ገንዘቡ ግራሙ ላይ ተጭኖ ይመጣል፤ ግራሙ ላይ ከተጫነ ደግሞ ወርቅ ያልሆነው ነገር ሁሉ አብሮ በወርቅ ዋጋ ይመዘናል። ጉዳቱ ያለው እዚህ ሁለተኛው ላይ ነው።

የአክስቴ ልጅ የደረሰባትን በቁጥር ላሳያችሁ። የወርቅ ዋጋ በየቀኑ ስለሚለዋወጥ እሷ የገዛችበትን ዋጋ ትቼ ለስሌት የሚመች ድፍን ቁጥር ልውሰድ፤ ንጹሁ 24 ካራት በግራም 20,000 ብር ነው እንበል። ካራት ከ24 እጅ ስንቱ ወርቅ እንደሆነ የሚናገር ልኬት ነው። 18 ካራት ከ24ቱ 18ቱ ወርቅ፣ የቀረው መዳብ፣ ብር ወይም ሌላ ብረት ነው፤ ማለትም ሦስት አራተኛው ወርቅ ነው። ስለዚህ በዚህ ስሌት የ18 ካራት ግራም 15,000 ብር፣ የ21 ደግሞ 17,500 ብር ይወጣል።

ልጅቷ የመረጠችው ባለ 18 ካራት ሀብል ነው፤ ማንጠልጠያው መሐል ላይ አንድ ትልቅ ዚርኮን፣ ዙሪያውን ትናንሽ ፈርጦች የተደረደሩበት። ሻጩ ከነፈርጡ ሚዛን ላይ አስቀመጠው፣ 14.20 ግራም አለ። «እህቴ፣ ሌላ ቦታ ብትሄጂ ግራሙን 15 ሺህ ብለው የእጅ ይጨምሩብሻል። እኛ ጋ ድፍን 17 ሺህ፣ የእጅ የሚባል የለም» አላት። 14.20 በ17,000 ሲባዛ 241,400 ብር። እናትየዋም አብረው ነበሩ፤ የእጅ ዋጋ መቅረቱ ደስ አሰኝቷቸው መርቀው ነው የወጡት።

ነገሩ የተገለጠው ከሠርጉ በኋላ ነው። ማንጠልጠያውን የመስቀል ቅርጽ ባለው ልትለውጥ እዚያው ቤት ተመለሰች። ሻጩ ሀብሉን ተቀብሎ ወረንጦ አነሳ፣ የፈርጦቹን ጥርስ አንድ በአንድ ገልብጦ ድንጋዮቹን ወረቀት ላይ አራገፈና ባዶውን መዘነ። 13.00 ግራም። «ሳልገዛው 14.20 ነበር እኮ» ስትለው የመለሰላትን ልብ በሉ፦ «ድንጋይ ወርቅ ነው ብለን አንገዛማ!» ያው ቤት፣ ያው ሚዛን ነው። ሲሸጥ ድንጋዩ ወርቅ ነበር፣ ሲገዛ ድንጋይ ሆነ።

ሥጋ ከነአጥንቱ ገዝታችሁ ስትመልሱለት አጥንቱን አውጥቶ ከሚመዝን ልኳንዳ ምን ይለያል?

አሁን ያንኑ ሀብል በቅን መንገድ እናስላው። ወርቁ 13.00 ግራም በ15,000 ሲባዛ 195,000 ብር ነው። የእጅ ዋጋው በግራም 1,000 ብር ቢሆን 13,000 ብር ይጨመራል። ፈርጦቹ ሰው ሠራሽ ዚርኮን ናቸው፤ ለሁሉም 2,000 ብር እንያዝላቸው። ድምሩ 210,000 ብር ሆነ። እሷ ግን 241,400 ከፍላለች፤ ልዩነቱ 31,400 ብር ነው። ከዚህ ውስጥ 13,000 ብሩ በግራም ውስጥ የተደበቀው የእጅ ዋጋ ትርፍ ነው፤ ሌላው ቤት 1,000 የሚለውን እሱ 2,000 አድርጎታልና። የቀረው 18,400 ብር በሙሉ የድንጋይ ነው፤ 1.20 ግራም ድንጋይ በ17,000 ሂሳብ 20,400 ብር ተቆጥሮባታል። «ነፃ» ከተባለው የእጅ ዋጋ ይበልጥ ያከሰራት ድንጋዩ ነው።

ይህን ስጽፍ የእጅ ዋጋ የሚጠይቅ ሁሉ ሌባ ነው ማለቴ አይደለም፤ እንዲያውም ለይቶ የሚነግራችሁን ነው ማመን ያለባችሁ። ዋጋው እንደ ሥራው ይለያያል። በማሽን የተሠራ ተራ ሰንሰለት ላይ ትንሽ ነው፣ በእጅ ተጠልፎ የተሠራ ጉትቻ ወይም መስቀል ላይ ከፍ ይላል፣ ቀላል ጌጥ ላይ ደግሞ በግራም ሳይሆን በቁጥር ይጠየቃል። ለእጅ የምትከፍሉት ገንዘብ ግን ተመልሶ አይመጣም። ነገ ብትሸጡት ገዢው የሚቆጥርላችሁ ወርቁን ብቻ ነው፤ ከዚያም ላይ ለብየዳውና ለማቅለጫው እያለ ይቀንሳል። ልጅቷ ሀብሏን በማግስቱ ብትሸጠው፣ የወርቁ ዋጋ ሳይነቃነቅና ገዢውም ምንም ሳይቀንስ፣ የሚደርሳት 195,000 ብር ነበር። ወርቅ ጥሪት ነው ብላችሁ የምትገዙ ሰዎች ይህችን ሂሳብ ከመግዛታችሁ በፊት ሥሯት።

ስለዚህ ስትገቡ «ስንት ነው?» ብላችሁ አትጀምሩ። መጀመሪያ የዛሬው የ18 ወይም የ21 ካራት ግራም ዋጋ ያለ እጅ ስንት እንደሆነ ጠይቁ። ካራቱን ሳትጠሩ «የዛሬ ዋጋ» ብቻ ካላችሁ የ21ን ዋጋ ነግሮ የ18 ጌጥ ሊሸጥላችሁ ይችላል፤ በኛ ስሌት በግራም 2,500 ብር ማለት ነው። ቀጥሎ የእጅ ዋጋውን፣ ቀጥሎ የፈርጡን ክብደት ጠይቁ። ቫት ተጨምሮበት ይሁን አይሁንም ድርድሩ ሳያልቅ ይነገራችሁ፤ ሂሳብ ሲዘጋ ሲመጣ ያናድዳል።

«ፈርጡ ስንት ግራም ነው?» ስትሉ «ኧረ ምንም አይመዝንም» ይሏችኋል። ግማሽ ግራም ብቻ ቢሆን እንኳ በ17,000 ሂሳብ 8,500 ብር ነው። በትእዛዝ የሚያሠራ ቤት ድንጋዩን ሳይገጥም በፊት ይመዝነዋል፣ ስለዚህ ያውቀዋል። ተገጥሞ የመጣ ጌጥ ከሆነ ግን ለእናንተ ሲል ፈርጡን አይነቅልም፣ እሱም እውነቱን ነው። እንዲያ ሲሆን ሁለት አማራጭ አላችሁ፤ ወይ ገምታችሁ አስቀንሱና በዚያ ተስማሙ፣ ወይ ፈርጥ የሌለበትን ምረጡ። እኔ ለጥሪት የሚገዛ ሰው ፈርጥ የሌለበትን ቢወስድ እላለሁ፤ ፈርጥ ለሚወድ ደግሞ ይሁንለት፣ ግን ድንጋዩን በድንጋይ ዋጋ።

ሚዛኑ ላይ ቆማችሁ እዩ። ባዶ ሳለ 0.00 ማለት አለበት፤ ሁለት አሃዝ ከነጥብ በኋላ የማያሳይ ሚዛን ለወርቅ አይሆንም፣ ከ0.10 ግራም ጀርባ በኛ ስሌት 1,500 ብር አለና። የዋጋ ወረቀቷ፣ ክሯና ፕላስቲኳ ይውለቁ። ማራገቢያ እየነፈሰበት ከሆነ ቁጥሩ ይዋልላል፣ እስኪረጋ ጠብቁ።

ማህተሙን ደግሞ ሻጩን አጉሊ መነጽር ለምናችሁ አንብቡት። 585 ማለት 14 ካራት፣ 750 ማለት 18፣ 875 ማለት 21፣ 916 ማለት 22 ነው፤ ከሺህ እጅ ስንቱ ወርቅ እንደሆነ ነው የሚናገረው። መቆለፊያው ላይ የተመታ ማህተም ስለ ሰንሰለቱ ዋስትና አይሆንም፣ መቆለፊያ ተለይቶ ተገዝቶ ይገጠማልና። ጥርጣሬ ካለ ሰንሰለቱንም መቆለፊያውንም መፈተኛው ድንጋይ ላይ አስፍቃችሁ አሲድ እንዲነካበት ጠይቁ። ማግኔት ይዘው የሚዞሩ ሰዎች አያለሁ፤ ማግኔት ብዙ አይረዳም። መዳብና ብርም ማግኔት አይስባቸውም፤ በሌላ በኩል የደህና ወርቅ መቆለፊያ ውስጥ ያለችው የብረት ሞላ ልትሳብ ትችላለች፣ ያ ብቻውን አያስደነግጣችሁ።

የዕለቱን ዋጋ ከሻጩ አፍ ብቻ አትውሰዱ። የዓለም ገበያ ዋጋ የሚጠራው በአውንስ፣ በዶላር ነው፤ ለ31.1 አካፍላችሁ በዕለቱ የባንክ ምንዛሬ ብታባዙት የ24 ካራት ግራም በብር ይወጣል፣ ከዚያ በ0.75 ብታባዙት የ18 ይሆናል። የሱቁ ዋጋ ከዚህ ጋር ልክ ለልክ አይገጥምም፣ እንዲገጥምም አትጠብቁ። በጣም ከራቀ ግን ምክንያቱን መጠየቂያ ይሆናችኋል። ምንዛሬው በሐምሌ 2016 ዓ.ም በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ የወርቅ ዋጋ በሁለት በኩል ነው የሚነቃነቀው፣ ስለዚህ ባለፈው ወር ጎረቤታችሁ የገዛችበትን ዋጋ ይዛችሁ አትከራከሩ። የሦስት ቤት ዋጋ በአንድ ቀን ማጠያየቅ ይበልጣል። በተለይ የፒያሳ ብዙ ክፍል ከፈረሰ ወዲህ ብዙ ሰው ቤተሰቡ ለዘመናት የለመደውን ወርቅ ቤት አጥቶ በማያውቀው ደጃፍ ስለሚገባ፣ በትውውቅ የሚቀር ጥያቄ አሁን በአፍ መጠየቅ አለበት።

የአክስቴ ልጅ ተመልሳ ልትሟገት ስትሄድ ደረሰኟ ላይ የተጻፈው «የወርቅ ሀብል 1» እና ጠቅላላ ብሩ ብቻ ነው። ግራሙ የለም፣ ካራቱ የለም፣ ፈርጥ የሚል ቃል የለም። ሻጩም «በስምምነት ነው የገዛሽው» ብሎ ዘጋት፤ በምን ታስረዳ? እናንተ ስትገዙ የወርቁ ክብደት፣ የፈርጡ ክብደት፣ ካራቱ፣ የግራሙ ዋጋና የእጅ ዋጋው በየራሳቸው ደረሰኙ ላይ ይስፈሩ። ሻጩ «ማሽኑ አያወጣም» ካለ በጀርባው በእስክርቢቶ ጽፎ የድርጅቱን ማህተም ይምታበት። ይህንን እምቢ የሚል ቤት ካጋጠማችሁ ገንዘባችሁን ሳታወጡ ወደሚቀጥለው በር እለፉ።